ስላይድ ሲቀየርና አጀንዳ ሲቀየር፦ ረጅም የጉባኤ ቀረጻን በየምዕራፉ ስለ መቁረጥ

(ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሕዝብ ግንኙነትና የመዝገብ ሠራተኞች በተዘጋጀ መድረክ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ተገልብጦ የቀረበ)

ክቡራንና ክቡራት፣ እንደምን አደራችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? እጃችሁን እስኪ አሳዩኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወደ ፊት ጠጋ የምትሉ ካላችሁ ወንበር አለ፤ ማያ ገጹ ላይ የማሳያቸው ቁጥሮች ደቃቅ ናቸውና ከሩቅ አይነበቡም።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ማኅበራችሁ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤውን አካሂዷል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተጀምሮ 6 ሰዓት ከ40 ላይ ተዘግቷል። ካሜራው አልቆመም፤ ስላይዱ፣ ተናጋሪው፣ ክርክሩ፣ የሻይ ዕረፍቱ ሳይቀር ተቀርጿል። አሁን በእጃችሁ ያለው የ3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አንድ ፋይል ነው። እስኪ ልጠይቃችሁ፤ ይህን ፋይል ማን ከፍቶ ያያል? ማን?

አንድ አዛውንት አባል ወደ ማኅበሩ ቢሮ ይመጣሉ። «ልጄ፣ ኦዲተሩ ስለ ተሰብሳቢ ሂሳቡ ምን እንዳለ መስማት እፈልጋለሁ፤ የዚያን ዕለት ለቅሶ ነበረብኝ» አሉ። የቢሮዋ ልጅ ፋይሉን ከፈተችላቸው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ቁጭ ብለው አዩ። እኔ በሌላ ጉዳይ ገብቼ፣ ጨርሼ ስወጣ የመክፈቻ ንግግሩ ገና አላለቀም ነበር። «ጋሼ፣ ወደ ፊት ላሳልፍልዎት?» ብላቸው «አይ፣ እንዳያመልጠኝ» አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ ኦዲቱ የት እንደሚጀምር እኔም አላውቅም ነበር። የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ስለዚህ የምንፈልገው ግልጽ ነው። አንዱ ፋይል በየአጀንዳው ተከፍሎ፣ መክፈቻው ለብቻው፣ የሥራ ክንውን ሪፖርቱ ለብቻው፣ ኦዲቱ ለብቻው እንዲቀመጥ ነው። ሰው ተቀምጦ አራት ሰዓት እያየ እንዲቆርጠው ሳይሆን ኮምፒውተሩ የምስሉን ለውጥ አይቶ እንዲቆርጠው። ነገሬን በሦስት እከፍለዋለሁ። አንደኛ፣ ኮምፒውተር የምስል ለውጥን በምን ይለካል? ሁለተኛ፣ ከብዙ ለውጦች መካከል የአጀንዳውን ለውጥ እንዴት እንለያለን? ሦስተኛ፣ ከለየን በኋላ ቢላዋው በትክክል የት ይረፍ? ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፤ የሊቀ መንበሩ ንግግር ግማሹ የሚጠፋው ግን እዚያ ላይ ነው።

አንደኛው ጉዳይ፤ መለኪያው።

የምጠቀምበት ፕሮግራም `ffmpeg` ይባላል። በነጻ ይገኛል፤ የሚጫን አዝራር የለውም፤ ትእዛዝ እየተጻፈለት ይሠራል። በውስጡ እያንዳንዱን ምስል ከቀደመው ምስል ጋር እያስተያየ ከ0 እስከ 1 ነጥብ የሚሰጥ ክፍል አለ። ነጥቡ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ የእያንዳንዷ የምስል ነጠብጣብ ብርሃን ምን ያህል እንደተለወጠ ይታያል፣ የሁሉም አማካይ ይወሰዳል። ሙሉ በሙሉ ጥቁር የነበረው ሙሉ በሙሉ ነጭ ከሆነ ወደ 1 ይጠጋል፤ ምንም ካልተነካ 0 ነው። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ይጨምራል፤ የአሁኑን ለውጥ ከአንድ ምስል በፊት ከነበረው ለውጥ ጋር አስተያይቶ ልዩነታቸውን ያወጣል፣ ከዚያ ከለውጡና ከልዩነቱ ትንሹን ነጥብ አድርጎ ይሰጣል። ለምን? ካሜራው አዳራሹን ቀስ እያለ ሲቃኝ በየምስሉ ለውጥ አለ፤ ግን ለውጡ ተመሳሳይ ስለሆነ ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ነጥቡም ዝቅ ይላል። ድንገተኛው ለውጥ ብቻ ጎልቶ ይወጣል። ብልህ አሠራር ነው።

እንግዲህ ይህን ነገር ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ ሁሉም የሚነግራችሁ ቁጥር አንድ ነው፤ 0.3 ወይም 0.4። ነጥቡ ከዚያ በላይ ከሆነ ትዕይንቱ ተቀይሯል በሉ ይሏችኋል። ለፊልም ልክ ነው። ከመንገድ ወደ ሳሎን፣ ከቀን ወደ ሌሊት ሲዘለል ምስሉ በሙሉ ይለወጣል። ለስብሰባ ግን ይሠራል? አይሠራም! ለምን እንደማይሠራ አብረን እናስላው።

ስላይድ ምንድን ነው? ነጭ መደብ፣ ጥቁር ፊደል፣ ጥግ ላይ የማኅበሩ ዓርማ። ቀጣዩ ስላይድስ? ያው ነጭ መደብ፣ ያው ዓርማ፣ ሌላ ፊደል። ፊደሉ ከስላይዱ ስፋት የሚይዘው 5 በመቶ ገደማ ነው እንበል። የድሮው ፊደል ይጠፋል፣ አዲሱ ይመጣል፤ የተነካው ቢበዛ 10 በመቶ ነው። የፊደል ጠርዝ ደግሞ ግራጫ እንጂ ድፍን ጥቁር አይደለም። ስለዚህ ነጥቡ ከ0.05 እስከ 0.08 ቢሆን ነው። ገና አልጨረስንም። ቀረጻው ስላይዱን በአንድ በኩል፣ ተናጋሪውን በሌላ በኩል አድርጎ ነው የያዘው። ምስሉ 1920 በ1080 ሆኖ ስላይዱ 1280 በ720 ከሆነ፣ ስላይዱ ከጠቅላላው 44 በመቶ ብቻ ነው። ነጥቡ እንደገና ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ 0.02፣ 0.03። በ0.4 ወንፊት ይህን ስትነፉ ምን ይቀርላችኋል? ስላይድ አይቀርም። የሚቀረው ካሜራው ወደ ሙሉ አዳራሹ የዞረበት ቅጽበትና የፎቶ አንሺው ብልጭታ ነው።

የፎቶ አንሺ ነገር ከተነሳ... የጉባኤ ፎቶ አንሺዎችን ታውቃላችሁ። የክብር እንግዳው መድረክ ላይ ሲወጡ ሦስቱም አንድ ላይ ይነሣሉ። አንድ ጊዜ የአንድ ትልቅ ድርጅት ቀረጻ ተሰጥቶኝ በተለመደው ቁጥር ስፈትሸው፣ ፕሮግራሙ «ምዕራፍ» ብሎ ያወጣቸው ቦታዎች በሙሉ የሽልማት መስጫው ላይ የተሰበሰቡ ነበሩ። ሽልማት የተቀበለ ሰው ሁሉ የራሱ ምዕራፍ ተሰጥቶታል! የአምስት ዓመት ዕቅዱ ግን አንድም ምዕራፍ አልነበረውም።

መፍትሔው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ስላይዱን ብቻ እንዲያይ ማድረግ፤ የተናጋሪው እጅ፣ ከሥር የሚያልፈው የስም ጽሑፍ፣ የአዳራሹ ግርግር አይመለከተውም። ሁለተኛ በሴኮንድ 25 ምስል ሳይሆን በሴኮንድ አንድ ምስል ብቻ እንዲያስተያይ ማድረግ። ትእዛዙ ይኸው፤ በአንድ መስመር የሚጻፍ ነው፦

```
ffmpeg -i gubae.mp4 -an -vf "crop=1280:720:40:180,fps=1,select='gte(scene,0)',metadata=print:file=netib.txt" -f null -
```

`crop` ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች የስላይዱ ወርድ፣ ቁመት፣ ከግራ ያለው ርቀትና ከላይ ያለው ርቀት ናቸው። ከቀረጻው አንድ ምስል አውጥታችሁ በማንኛውም የሥዕል ፕሮግራም ትለኩታላችሁ። `gte(scene,0)` ማለት ምንም ሳትጥል የሁሉንም ነጥብ ጻፍልኝ ማለት ነው። ይህን ደጋግሜ እላለሁ፤ ገደብ ከማውጣታችሁ በፊት ነጥቦቹን እዩ፣ ነጥቦቹን እዩ። የእናንተ ስላይድ የራሱ ነጥብ አለው፤ የሌላ ሰው ቁጥር ለእናንተ አይሆንም።

በሴኮንድ አንድ ምስል ለምን አልኩ? ብልጭታ ከአንድ ሴኮንድ እጅግ ያነሰ ጊዜ ስለሚቆይ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ ምስሎች መካከል ሾልኮ ያልፋል። ደግሞም ስላይድ የሚሠሩ ልጆች እየደበዘዘ የሚቀየር ሽግግር ይወዳሉ። ሽግግሩ በ25 ምስሎች ላይ ሲበተን እያንዳንዱ ነጥብ ኢምንት ነው፤ ከሴኮንድ ወደ ሴኮንድ ስታስተያዩት ግን አንድ ዝላይ ይሆናል። ሽግግሩ ከሴኮንድ የሚረዝም ከሆነ `fps=0.5` አድርጉት፤ በሁለት ሴኮንድ አንድ ምስል ማለት ነው። የስብሰባ ምዕራፍ ለማግኘት የሁለት ሴኮንድ ስህተት ምንም አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልለፍ።

አሁን የስላይድ ለውጥ ሁሉ በእጃችን ነው። ግን የምንፈልገው ይህን ነው እንዴ? የኦዲት ሪፖርት ብቻ ሠላሳ ስላይድ ሊኖረው ይችላል። ስላይድ ተቀየረ ማለት አጀንዳ ተቀየረ ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ «ሀብትና ዕዳ» ከሚለው ስላይድ ወደ «ገቢና ወጪ» መሄድንና ከኦዲት ወደ ምርጫ መሄድን በምን ይለየው? በነጥብ ከሆነ ሁለቱም 0.06 ናቸው።

እዚህ ላይ ዕድል የገጠመኝን አንድ ጉባኤ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው፤ ስሙን መናገር አያስፈልግም። ስላይዱን የሠራችው ወጣት የሂሳብ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ አጀንዳ መለያ ስላይድ አዘጋጅታለች፤ ድፍን ጥቁር አረንጓዴ መደብ፣ መሐል ላይ በነጭ «አጀንዳ 3፦ የኦዲት ሪፖርት»። ለውበት ብላ ነው ያደረገችው። ለእኔ ግን ሥራዬን ሁሉ ሠርታልኛለች! ከነጭ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ሲዘለል ነጥቡ ከ0.6 በላይ ነው፤ ተራው ስላይድ ከ0.08 አይበልጥም። በሁለቱ መካከል ሰፊ ሜዳ አለ። ገደቡን 0.25 አድርጌ የወጣውን እዩት፤ በግራ በኩል ያለው ከቀረጻው መጀመሪያ የተቆጠረ ሴኮንድ ነው፦

```
  860   0.63
  871   0.61
 3935   0.64
 3949   0.60
 5480   0.64
 6352   0.62
 7402   0.75
 7431   0.74
 8840   0.63
 8852   0.61
11025   0.64
11040   0.62
```

በጥንቃቄ ተመልከቱት። ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የወጣው፤ አያችሁ? ወደ ጥቁር መደብ ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ወደ ነጩ ሲመለስ አንድ ጊዜ። 860 ላይ ገባ፣ 871 ላይ ወጣ፤ መለያ ስላይዱ 11 ሴኮንድ ቆየ። ስለዚህ ከየጥንዱ የመጀመሪያውን ብቻ እንይዛለን። በሰዓት ብንቆጥረው የሥራ ክንውን ሪፖርቱ 14፡20 ላይ፣ ኦዲቱ 1፡05፡35 ላይ፣ የደንብ ማሻሻያው 2፡27፡20 ላይ፣ የቦርድ ምርጫው 3፡03፡45 ላይ ይጀምራል።

ግን ቆዩ። ቃለ ጉባኤውን ክፈቱ። ከመክፈቻው በኋላ አምስት አጀንዳዎች ተመዝግበዋል፤ ዝርዝሩ ላይ ስድስት ጥንድ ነው ያለው። አንዱ ትርፍ ነው ማለት ነው? እንዲህ ብሎ መቸኮል ያሳስታል። ጥንዶቹ ስንት ስንት ሴኮንድ እንደቆዩ እንይ፦ 11፣ 14፣ 872፣ 29፣ 12፣ 15። ሁለቱ አይመስሉም። 872 እና 29።

በ29ኙ እንጀምር። 7402 ላይ ነጥቡ 0.75 ነው፤ ከሌሎቹ ይበልጣል። ጥቁር አረንጓዴው እንዲህ ከፍ አይልም፤ ስለዚህ ሌላ ቀለም ነው። ከ7402 አንድ ሴኮንድ በፊትና ከ7431 አንድ ሴኮንድ በኋላ ያለውን ምስል አውጥቼ ጎን ለጎን አየኋቸው። አንድ ስላይድ ናቸው፤ የትርፍ ክፍፍሉ ሰንጠረዥ። መሐሉ ላይ ያለው ሰማያዊ ማያ ነው። የላፕቶፑ ኬብል ተነቅሎ ነበር፤ ሁላችሁም የምታውቁት ነገር ነው፤ አንድ ሰው ውኃ ሊያቀብል ሲያልፍ ኬብሉን ይረግጣል፣ አዳራሹ ያጉረመርማል፣ አንዱ ሮጦ ይሰካዋል። ሕጉ እንግዲህ ይህ ነው፦ ከጥንዱ በፊትና በኋላ ያለው ምስል አንድ ከሆነ አጀንዳ አልተቀየረም። ጣሉት።

አሁን 872ቱ። 14 ደቂቃ ተኩል ማለት ነው። መለያ ስላይድ ይህን ያህል አይቆይም። ይህ የሻይ ዕረፍት ነው፤ ልጅቷ ለሻይ ዕረፍቱም በዚያው ጥቁር አረንጓዴ መደብ ስላይድ ሠርታለታለች። እንግዲህ ዕረፍቱን ቆርጠን ብንጥለው የትርፍ ክፍፍሉ አጀንዳ የት ገባ? ዝርዝሩ ላይ የለም! ለምን እንደሌለ የሚነግረኝ አለ? (ከታዳሚው፦ «ከአረንጓዴ ወደ አረንጓዴ ስለሆነ!») በትክክል! ከሻይ ዕረፍቱ ስላይድ በቀጥታ ወደ «አጀንዳ 4» ነው የተሄደው። ጥቁር አረንጓዴ ወደ ጥቁር አረንጓዴ፤ የተቀየረው ነጩ ጽሑፍ ብቻ ነው። 0.25 ገደብ ይህን አያየውም። ዝርዝሩ ላይ ያለው 6352 ከመለያው ወደ ነጭ የተወጣበት እንጂ አጀንዳው የገባበት አይደለም።

መጀመሪያ የሁሉንም ነጥብ የጻፍነው ለዚህ ነው። `netib.txt` ውስጥ ከ5480 እስከ 6352 ባለው መካከል ትልቁን ነጥብ ፈልጉ፤ 6310 ላይ 0.03 ታገኛላችሁ። በሌላ ቦታ ከቁም ነገር የማይቆጠር ቁጥር ነው። በዚያ 14 ደቂቃ ውስጥ ግን ማያው ላይ ሌላ የተንቀሳቀሰ ነገር ስለሌለ እሱው ነው። 1፡45፡10፤ የትርፍ ክፍፍሉ ተገኘ። ጥቁሩ መደብ ከሁለት ደቂቃ በላይ ከቆየ ውስጡን በዝቅተኛ ገደብ ዳግመኛ ፈትሹ፤ ይህን እንደ ቋሚ ሕግ ያዙልኝ። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ የዕረፍቱን ስላይድ በሌላ ቀለም ማሠራት ነው፤ ብርሃኑ በነጩና በጥቁር አረንጓዴው መካከል የሆነ ግራጫ ይሁን። ስላይድ የሚሠራውን ሰው ከጉባኤው በፊት አግኙት፤ ሁለት ነገር ብቻ ለምኑት፤ የአጀንዳ መለያው ጥቁር መደብ ይኑረው፣ የዕረፍቱ በብርሃኑ ከጥቁሩም ከነጩም የተለየ ይሁን። ብርሃኑ ነው የምላችሁ፤ በተለመደው የቪዲዮ ዓይነት ፕሮግራሙ የሚለካው ብርሃንን እንጂ ቀለምን አይደለም። እኩል የደመቁ ቀይና ሰማያዊ ለእሱ አንድ ናቸው።

መለያ ስላይድ የሌለው ጉባኤስ? ብዙዎቻችሁ የምትይዙት እንደዚያ ያለውን ነው። ያኔ ገደቡን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ለእያንዳንዱ ለውጥ አንድ ትንሽ ምስል አስወጡና በዓይናችሁ ምረጡ። መቶ ትንንሽ ምስሎችን ከቃለ ጉባኤው ጋር ማስተያየት ሻይ እየጠጡ የሚያልቅ ሥራ ነው።

```
ffmpeg -i gubae.mp4 -an -vf "crop=1280:720:40:180,fps=1,select='gt(scene,0.03)',scale=320:-2" -fps_mode vfr slide_%03d.jpg
```

ሦስተኛው ጉዳይ፤ ቢላዋው የት ይረፍ?

ኦዲቱ 3935 ላይ ይጀምራል ብለናል። እዚያው ላይ እንቁረጥ? ሊቀ መንበሩን አስቡት። «ክቡራን የጉባኤው አባላት፣ ወደ ሦስተኛው አጀንዳ እናልፋለን፤ ኦዲተሩን ወደ መድረክ እጋብዛለሁ» ይላሉ። ስላይድ የሚቀይረው ልጅ ያን ጊዜ ነው ፋይል መፈለግ የሚጀምረው። ፍላሹን ይሰካል፣ ይነቅላል፣ ሌላ ፋይል ይከፍትና ይዘጋል። ስላይዱ ሲመጣ ኦዲተሩ «እንደምን አደራችሁ» ካሉ ቆይተዋል። ምስሉ ሁልጊዜ ከንግግሩ ኋላ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የቸኮለ ልጅ ይገጥምና ጥያቄ እየተመለሰ ሳለ የሚቀጥለውን ስላይድ ይለቀዋል። ስለዚህ የምስሉ ለውጥ አካባቢውን ይነግረናል፤ ቦታውን የሚነግረን ድምፁ ነው። ዝምታ እንፈልጋለን፦

```
ffmpeg -i gubae.mp4 -vn -af silencedetect=noise=-35dB:d=1.5 -f null -
```

ከ1.5 ሴኮንድ በላይ የቆየ ዝምታ ሁሉ መጀመሪያውና መጨረሻው ይጻፋል። -35 ያልኩት ለአዳራሽ ነው። ፕሮግራሙ ካልተነገረው የሚጠቀመው -60 ነው፤ የአየር ማራገቢያና የድምፅ ማጉያ እሽታ ባለበት አዳራሽ -60 የሚደርስ ዝምታ ከየት ይመጣል? አንድም አታገኙም። ቁጥር ከወጣ ግን እጅግ ብዙ ይሆናል፤ ሰው ትንፋሽ ሲወስድም ይቆጠራል። የሚያስፈልገን ሁሉም አይደለም። ከስላይዱ ለውጥ በፊት ባለው አንድ ደቂቃና በኋላ ባለው 15 ሴኮንድ ውስጥ ረጅሙን ዝምታ ብቻ ውሰዱ። ለኦዲቱ ያገኘሁት ከ3897.4 እስከ 3900.2 ነው፤ ስላይዱ ከመምጣቱ 35 ሴኮንድ በፊት። ከፍቼ ሰማሁት። የሥራ ክንውን ውይይቱ ያበቃል፣ ዝምታ፣ «ክቡራን የጉባኤው አባላት...»። ቦታው ይህ ነው። የመቁረጫ ነጥቡን 3899 አደረግሁት።

አሁን ቁረጥ ስንለው በ3899 ይቆርጣል? አይቆርጥም፤ ምክንያቱን ላስረዳ። ቪዲዮ ሲቀመጥ ሁሉም ምስል በሙሉነቱ አይቀመጥም። አልፎ አልፎ አንድ ሙሉ ምስል ይቀመጣል፤ ቁልፍ ፍሬም እንበለው። ከእሱ በኋላ ያሉት «ከቀደመው ይህ ይህ ተለወጠ» የሚሉ ማስታወሻዎች ብቻ ናቸው። ቪዲዮውን እንደገና ሳናመሳጥር፣ ማለትም ምስሎቹን እንደ አዲስ ሳንጨምቅ፣ እንዳለ ስንቆርጥ ፋይሉ መጀመር የሚችለው ከቁልፍ ፍሬም ላይ ብቻ ነው። በሰፊው የሚሠራበት `x264` የተባለው ማመሳጠሪያ ካልተነገረው በስተቀር በሁለት ቁልፍ ፍሬሞች መካከል እስከ 250 ምስል ይፈቅዳል፤ በሴኮንድ 25 ምስል ሲሆን 10 ሴኮንድ ማለት ነው። በዚህ ቀረጻ በ3899 አካባቢ ያሉት ቁልፍ ፍሬሞች 3892.48 እና 3902.48 ላይ ናቸው። 3899 መሐል ላይ ወደቀ።

ታዲያ ወደ የትኛው ይሄዳል? የዚህ መልስ በምትጠቀሙት ትእዛዝ ይወሰናል፤ እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ልብ በሉልኝ። አንዱን ፋይል በአንድ ትእዛዝ ብዙ ቦታ የሚቆራርጥ `-f segment` የሚባል መንገድ አለ፤ አጭርና ምቹ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚወደው እሱን ነው። እሱ ግን ከሰጣችሁት ሰዓት በኋላ የሚመጣውን ቁልፍ ፍሬም ነው የሚጠብቀው። የኦዲቱ ፋይል ከ3902.48 ይጀምራል፤ ሊቀ መንበሩ ንግግራቸውን የጀመሩት 3900.2 ላይ ነው። «ክቡራን የጉባኤው አባላት» የሚለው ባለፈው ፋይል ጅራት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። `-ss` ከ`-i` በፊት ሲጻፍ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ 3892.48 ይመለሳል። ያለፈው ውይይት የመጨረሻ ሰባት ሴኮንድ ገደማ ይደገማል። እኔ መደገሙን እመርጣለሁ። የጉባኤ ቀረጻ ነገ ክርክር ሲነሣ ማስረጃ ሆኖ ሊጠየቅ ይችላል፤ ሁለት ፋይል ላይ የተደገመ ንግግር ማንንም አይጎዳም፤ የተቆረጠ ንግግር ግን «ለምን ቆረጣችሁት?» ያስብላል።

እንግዲህ ስድስቱን የመቁረጫ ነጥቦች `chapters.txt` በሚባል አንድ ጽሑፍ ፋይል አስፍሩ፤ መጀመሪያ፣ መጨረሻ፣ ስም፦

```
0 835 01_mekfecha
835 3899 02_kinewun
3899 5490 03_audit
6285 8811 04_kififil
8811 10990 05_denb
10990 13200 06_mircha
```

ሊኑክስ ወይም ማክ ያላችሁ በዚህ ትቆርጣላችሁ፦

```
while read start end name; do
  ffmpeg -nostdin -ss "$start" -to "$end" -i gubae.mp4 \
    -c copy -avoid_negative_ts make_zero "$name.mp4"
done < chapters.txt
```

`-nostdin` የምትለዋን ቃል አትርሷት። ያለእሷ `ffmpeg` ከሰው ትእዛዝ የሚጠብቅ መስሎት ለድግግሞሹ የተቀመጠውን ዝርዝር ራሱ ማንበብ ይጀምራል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ይወጣል፣ ሁለተኛው ስሙ ተቆርጦ ይመጣል፣ ወይም ጭራሽ አይመጣም። ሰዎች ይህን ሲያዩ ቪዲዮው የተበላሸ ይመስላቸዋል። `-c copy` ደግሞ እንዳለ ገልብጥ ማለት ነው፤ ስለዚህ የ3 ሰዓት ከ40 ደቂቃው ቀረጻ ፋይል ከመቅዳት ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ተቆርጦ ያልቃል፤ የምስሉ ጥራትም አይነካም። የፋይል ስሙን በላቲን የጻፍኩት ፍላሹን ቴሌቪዥን ላይ ለሚሰኩ አባላት ብዬ ነው፤ አንዳንዱ ቴሌቪዥን የእኛን ፊደል አራት ማዕዘን ሳጥን አድርጎ ያሳየዋል።

ሴኮንዱ በትክክል ካልሆነ አይሆንም የሚል አለቃ ያለባችሁ፣ ያን ፋይል ብቻ እንደገና ማመሳጠር ነው፤ ጊዜ ይወስዳል። ከዚያ ይልቅ `OBS` በተባለው የመቅረጫ ፕሮግራም የምትቀርጹ ከሆነ ከመቅረጻችሁ በፊት የቁልፍ ፍሬሙን ርቀት 2 ሴኮንድ አድርጉት። ፋይሉ ትንሽ ይገዝፋል፤ ድግግሞሹ ግን ከሁለት ሴኮንድ አይበልጥም።

ከቆረጣችሁ በኋላ ዋናውን ከማንሣታችሁ በፊት አንድ የሂሳብ ፍተሻ አለ። ቀረጻው 13,200 ሴኮንድ ነው። የጣልነው የሻይ ዕረፍት ከ5490 እስከ 6285፣ 795 ሴኮንድ ነው። የቀረው 12,405። የስድስቱ ፋይሎች ርዝመት ሲደመር ከዚህ በጥቂቱ መብለጥ አለበት፤ ከመክፈቻው በቀር አምስቱ እያንዳንዳቸው እስከ 10 ሴኮንድ ስለሚደግሙ ትርፉ ከ50 ሴኮንድ ብዙ አይርቅም። ከ12,405 ካነሰ አንድ ሰው የተናገረው ነገር የትም የለም ማለት ነው፤ ፈልጉት። ከዚያ የእያንዳንዱን ፋይል የመጀመሪያ 15 ሴኮንድ አዳምጡ። የሊቀ መንበሩ የማስተላለፊያ ቃል ካልተሰማ የተያዘው ዝምታ የተሳሳተ ነው፤ የቀደመውን ዝምታ ሞክሩ።

ካሜራችሁ ቀረጻውን ራሱ በ4 ጊጋባይት በ4 ጊጋባይት እየቆራረጠ የሚያስቀምጥ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ቁርጥራጮቹን ማያያዝ አለባችሁ፤ አለበለዚያ የሴኮንዱ ቆጠራ በየፋይሉ ከዜሮ ይጀምርባችኋል። የእናንተ ካሜራ እንዲህ እንደሚያደርግ እጅ በማውጣት እስኪ አሳዩኝ... ብዙዎቻችሁ ናችሁ። እንግዲያው ከዕረፍት በኋላ በእሱ እንጀምራለን። የራሳችሁን ቀረጻ በፍላሽ ይዛችሁ የመጣችሁ ከፊት ለፊት ለቴክኒክ ልጆቹ ስጡልኝ፤ ስላይዱ ያለበትን ቦታ በ`crop` ለክተን ነጥቦቹን እናወጣለን፤ የመጀመሪያው ተራ የእርሶ ነው እመቤት፣ ሁለተኛው መስመር ላይ ያሉት፤ የሦስት ቀን ሥልጠና ቀረጻ አለኝ ብለውኝ ነበር።